ገንዘብ እያለ ካርድ አልሠራ ሲል፦ የት ላይ እንደቆመ ማወቂያና ማስተካከያ

«ገንዘቡ ሒሳቤ ላይ አለ። ካርዱ ግን አልሠራ አለኝ። ምን ላድርግ?» ትምህርት ቤት ተዘግቶ አገር ቤት መሄጃው ሲቃረብ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። እያንዳንዱን ሰው በስልክ ከማስረዳ ብዬ መልሱን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። መመሪያው አሜሪካ ሆናችሁ በአሜሪካ ባንክ ዴቢት ካርድ ኢንተርኔት ላይ ትልቅ ክፍያ ለምትከፍሉ ነው፤ በተለይ የአውሮፕላን ቲኬት ለምትቆርጡ።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። የመክፈያውን ቁልፍ ስትጫኑ ጥያቄያችሁ ሦስት በር ያልፋል። መጀመሪያ ሻጩ ወይም ክፍያውን የሚያስተናግድለት ድርጅት ይፈትሸዋል። ካመነበት ወደ ባንካችሁ ይልከዋል። ባንኩ ገንዘቡን፣ ዕለታዊ ገደባችሁን፣ የካርዱን ዝርዝርና የማጭበርበር ምልክት መኖር አለመኖሩን አይቶ «እሺ» ወይም «አይሆንም» ይላል። ከዚያ መልሱ ተመልሶ ሻጩ ጋ ይደርሳል። ሻጩም ባንኩ እሺ ብሎም ቢሆን አድራሻችሁ ካልገጠመለት ራሱ ሊከለክል ይችላል።

ከሦስቱ በየትኛውም ላይ ቢቆም እናንተ ብዙ ጊዜ የምታዩት ያው «Declined» የሚል ቃል ነው። መፍትሔው ግን እንደ በሩ ይለያያል። ስለዚህ ዋናው ሥራ የቆመበትን በር ማግኘት ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ካርዱ ራሱ፣ በእጃችሁ። በቃል የያዛችሁት ወይም ኮምፒዩተሩ ያስቀመጠው ቁጥር አይበቃም።
- የባንካችሁ አፕ።
- ባንኩ ጋ ያስመዘገባችሁት ስልክ፣ ክፍት ሆኖ፣ አጠገባችሁ።
- ባንኩ በቅርብ የላከላችሁ የሒሳብ መግለጫ። የሚፈለገው እሱ ላይ ያለው አድራሻ ነው።
- ወረቀትና እስክርቢቶ።

1. መሞከሩን አቁሙ

አንዴ እምቢ ካለ ሁለተኛ አትጫኑ። አብዛኛው ሰው ተናዶ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግመዋል። ነገሩ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የማጭበርበር መከላከያው ሥርዓት የተሰረቀ ካርድ ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ ትልቅ ክፍያ ነው። በድግግሞሹ ምክንያት ባንኩ አንድ ክፍያ ብቻ ሳይሆን ካርዱን በሙሉ ሊዘጋው ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ከባድ ነው። አንዳንዱ ሙከራ እምቢ የተባለ መስሎ ከሒሳባችሁ ላይ ገንዘብ ይይዛል። እሱን ቁጥር 7 ላይ በደንብ እናየዋለን።

2. ያያችሁትን ጻፉ

ሰዓቱን፣ የገንዘቡን መጠንና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቃል እንዳለ ጻፉ። «Do not honor» የሚል ከሆነ ባንኩ ምክንያቱን ለሻጩ ሳይነግር ከልክሏል ማለት ነው። «Invalid card number» ወይም «Expired card» ካለ ነገሩ ከካርዱ ዝርዝር ጋር ይያያዛል። ባንክ ስትደውሉ የምታነጋግሩት ሠራተኛ ሙከራችሁን የሚያገኘው በሰዓቱና በመጠኑ ስለሆነ ይህች ማስታወሻ ብዙ ትረዳለች።

3. የባንኩን አፕ ከፍታችሁ የቆመበትን በር ለዩ

የሒሳባችሁን እንቅስቃሴ ተመልከቱ። ከሦስት ነገሮች አንዱን ታገኛላችሁ።

ምንም ምልክት ከሌለ፣ የባንኩም ማስጠንቀቂያ ካልመጣ፣ ጥያቄው ባንኩ ጋ ላይደርስ ይችላል። ሻጩ በር ላይ ቆሟል ብላችሁ ጠርጥሩ። አንዳንድ አፕ የተከለከለ ሙከራን ስለማያሳይ ግን ባንኩን ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

የተከለከለ ሙከራ ወይም የማስጠንቀቂያ መልእክት ካለ ባንኩ ራሱ ነው የከለከለው።

ገንዘቡ «Pending» ተብሎ ከተቀመጠ ደግሞ ባንኩ ፈቅዷል፤ የከለከለው ሻጩ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከአድራሻው ነው።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደውሉና ይህን ጠይቁ፦ «ዛሬ በዚህ ሰዓት የዚህን ያህል ዶላር ግዢ ተከልክሏል። ጥያቄው እናንተ ጋ ደርሷል ወይ? ደርሶ ከሆነ የተመዘገበው ምክንያት ምንድን ነው?» «እስቲ እንደገና ሞክሩት» ብሎ ሊሸኛችሁ የሚፈልግ ሠራተኛ ያጋጥማል። ምክንያቱን ሳትሰሙ ስልኩን አትዝጉ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ መጀመሪያውኑ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ብዙ ትልልቅ ባንኮች በስልክ ያገናኛሉ።

4. ያቆመው የማጭበርበር መከላከያ ከሆነ

በዓመት አንዴ ብቻ የምትከፍሉት ትልቅ ገንዘብ፣ ለዚያውም ለውጭ አገር አየር መንገድ፣ ለባንኩ ሥርዓት እንግዳ ነገር ነው። ስለዚህ ያቆመውና ስልካችሁ ላይ ቴክስት ይልካል፦ ይህን ክፍያ የሞከራችሁት እናንተ ናችሁ ወይ የሚል። እናንተ ከሆናችሁ አብዛኛውን ጊዜ «YES» ብላችሁ ትመልሳላችሁ። ይህ የቆመውን ክፍያ አይከፍለውም፤ ለሚቀጥለው ሙከራ መንገድ ይከፍታል እንጂ። መልስ ከሰጣችሁ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታገሡና ያንኑ መጠን፣ እዚያው ሻጭ ጋ፣ አንድ ጊዜ ሞክሩ።

ቴክስቱ ካልመጣ ባንኩ ጋ ያለው ስልክ ቁጥር የድሮው እንዳልሆነ አረጋግጡ። ስልክ ቀይረው ባንኩን ያልነገሩ ሰዎች ማስጠንቀቂያው ወደማይጠቀሙበት ቁጥር እየሄደ «ባንኩ ዝም አለኝ» ይላሉ። የአንድ ጊዜ ኮድ የሚጠይቅ ገጽ ሲመጣም ችግሩ ያው ነው። አውሮፓ ያላችሁ በተለይ ይህን ልብ በሉ፤ እናንተ ዘንድ ክፍያውን በአፕ ወይም በኮድ ማረጋገጥ የተለመደ ግዴታ ነው።

ሻጩ በር ላይ ቆሞ ከሆነ ደግሞ ከየት ሆናችሁ እንደምትከፍሉ ተመልከቱ። ያላችሁበትን ቦታ የሚደብቅ ቪፒኤን ካለ አጥፉት። የካርዱን ቁጥር አዲስ አበባ ላለ ወንድም ልኮ «አንተው ቁረጠው» ማለትም እዚሁ ይወድቃል። ካርዱ የአሜሪካ፣ ኢንተርኔቱ የኢትዮጵያ ሲሆን ለሻጩ ሥርዓት የተሰረቀ ካርድ ይመስላል። የሱንም ቲኬት ቢሆን ራሳችሁ፣ ከቤታችሁ ኢንተርኔት ሆናችሁ ክፈሉ።

> ጥንቃቄ፦ እውነተኛው የባንክ መልእክት የሚጠይቀው አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው። ፒን፣ የይለፍ ቃል ወይም የአንድ ጊዜ ኮድ ንገሩኝ የሚል ደዋይ፣ ስክሪኑ ላይ የባንካችሁ ስም ቢወጣም፣ ሌባ ነው ብላችሁ ዝጉት። የደዋይ ስምና ቁጥር በቀላሉ ይመሳሰላል። ከዚያ ራሳችሁ ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውሉ።

5. ያቆመው ዕለታዊ ገደብ ከሆነ

ዴቢት ካርድ በቀን የሚያወጣው ገንዘብ ልክ አለው። ሒሳባችሁ ላይ 20,000 ዶላር ቢኖርም የግዢ ገደባችሁ 3,000 ከሆነ የ3,500ው ቲኬት አያልፍም። መጠኑ ከባንክ ባንክ፣ ከሒሳብ ሒሳብ ይለያያል። የኤቲኤም ገደብና የግዢ ገደብ የተለያዩ መሆናቸውንም እወቁ። ለቲኬት የሚያስፈልጋችሁ የግዢው ነው።

ገደቡን አፑ ላይ የካርዱ ቅንብር ውስጥ ፈልጉት። ካጣችሁት ደውሉና ለጊዜው ከፍ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ። ሦስት ነገር አስረግጣችሁ ያዙ፦ እስከ ስንት ከፍ እንዳለ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ዛሬ ከገደቡ ላይ ስንቱ እንደተነካ። ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል። «Pending» የሆነ ገንዘብም ከዕለቱ ገደብ ላይ ሊቀነስ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት የከሸፈ ሙከራ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሊያበላሽ ይችላል።

የቤተሰቡን ቲኬት ከፋፍሎ በተለያየ ቀን መግዛት መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። እኔ አልመክርም። ዋጋው በመሐል ይቀየራል፣ ልጆችና ወላጅም በተለያየ ቦታ ማስያዣ ይመዘገባሉ። አንዴ ደውሎ ገደቡን ማስነሳት ይሻላል።

6. የካርዱን ዝርዝርና አድራሻውን አመሳክሩ

ከካርዱ እንጀምር። ባንኩ አዲስ ካርድ ሲልክላችሁ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ቁጥር ያው ሆኖ የሚያበቃበት ጊዜና ሦስት አኀዙ የደኅንነት ቁጥር ይቀየራሉ። ኮምፒዩተሩ ግን የድሮውን አስቀምጧል። የካርድ ቁጥሩ መጨረሻ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላችኋል። ስለዚህ የተቀመጠውን አጥፉና ካርዱን እያያችሁ በእጅ አስገቡ። 08/27 የሚል ካርድ እስከ ነሐሴ 2027 መጨረሻ ያገለግላል፤ የተጻፈው ወርና ዓመት ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። አዲሱን ካርድ ሥራ ካስጀመራችሁ ግን የድሮው ቀኑ ባያልፍም መሥራቱን ሊያቆም ይችላል። አዲሱ በፖስታ መጥቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ እንደሆነም ፈልጉ።

አሁን አድራሻው። ሰው ከሁሉም በላይ የሚደናገረው እዚህ ነው። «Billing address» የሚለው ሳጥን የምትኖሩበትን ሳይሆን ባንኩ መዝገብ ላይ ያለውን አድራሻ ነው የሚጠይቀው። አሜሪካ ውስጥ ያለው ማመሳከሪያ በዋናነት ቁጥሮችን ያያል፦ የቤቱን ቁጥርና ዚፕ ኮዱን። የመንገዱን ስም አጻጻፍ ብዙም አይጨነቅበትም። 1420 የሚለው የቤት ቁጥርና 20910 የሚለው ዚፕ ኮድ ከባንኩ መዝገብ ጋር ይገጥማሉ ወይ? ሁለቱም፣ አንዱ ብቻ፣ ወይስ አንዳቸውም? ባንኩ ይህን ለሻጩ ይነግረዋል። አንዱ ብቻ ቢገጥም የሚቀበል ሻጭ አለ፤ ሁለቱንም የሚፈልግም አለ። አንድ ቦታ የሠራ ካርድ ሌላ ቦታ እምቢ የሚለው በዚህም ምክንያት ነው።

የሒሳብ መግለጫውን አጠገባችሁ አድርጋችሁ እንዳለ ገልብጡ። የአፓርትመንት ቁጥር በሁለተኛው መስመር ይግባ። ከቤቱ ቁጥር ፊት 305-1420 ብላችሁ ከጻፋችሁት ማመሳከሪያው የተሳሳተ ቁጥር ሊያነብ ይችላል። ካርዱ የባለቤታችሁ ከሆነ የሚጻፈው የካርዱ ባለቤት ስምና አድራሻ እንጂ የተጓዡ አይደለም። አገር የሚመረጥበት ሳጥን ላይም ኢትዮጵያ ተመርጦ እንዳይሆን እዩ፤ መድረሻችሁን ሳይሆን የካርዱን አገር ነው የሚፈልገው።

ቤት ለውጣችሁ ፖስታ ቤቱን ብቻ ነግራችሁ ከሆነ ባንኩ አያውቅም። ደብዳቤያችሁ ወደ አዲሱ ቤት እየመጣ ስለሆነ ባንኩም የቀየረው ይመስላል፤ መዝገቡ ግን ያው የድሮው ነው። ለዛሬው ክፍያ ባንኩ ጋ ያለውን አድራሻ ጻፉ። ከዚያ ተረጋግታችሁ ባንኩ ጋ አስቀይሩት። ለውጡ ወዲያው በሁሉም ቦታ ላይታይ ስለሚችል ቀይራችሁ በዚያው ደቂቃ አትሞክሩ። የሚላክ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የመላኪያውን አድራሻ ለይታችሁ ሙሉ፤ አለበለዚያ ዕቃው የድሮው ቤት በር ላይ ይቀራል።

7. የተያዘውን ገንዘብ አስለቅቁ

ባንኩ «እሺ» ሲል ገንዘቡን ወዲያው አይልከውም። ይዞ ያቆየዋል። ሻጩ በአድራሻው ምክንያት ቢከለክልም የተያዘው ገንዘብ በዚያው ሰዓት ላይመለስ ይችላል። አፑ ላይ ሁለት ቁጥር የምታዩት ለዚህ ነው። አንዱ ጠቅላላው ሒሳብ ነው። ሌላው «Available balance» ነው፤ አሁን በእጃችሁ ያለው እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ነው ማየት ያለባችሁ።

ሻጩ ጋ ደውሉና ግዢው ስላልተሳካ የተያዘውን እንዲለቅ ጠይቁ። ባንኩ ዘንድ የዚያ ክፍያ የፈቃድ ቁጥር ስለሚኖር መጀመሪያ ከባንኩ ተቀበሉት፤ ሻጩ በሱ ቶሎ ያገኘዋል። ዝም ካላችሁም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት የሥራ ቀናት ውስጥ በራሱ ይወርዳል። ባንኩ ግን ሻጩ ሳይስማማ ቀድሞ ለመልቀቅ ብዙ ጊዜ ፈቃደኛ አይሆንም። ስለዚህ ጭቅጭቁን ባንኩ ላይ አትጨርሱት።

8. አንድ ጊዜ፣ በትክክል ሞክሩ

አሁን የገጹን አሮጌ መስኮት ዝጉና እንደ አዲስ ግቡ። ስልኩን አጠገባችሁ አድርጉ። ሁሉን በእጅ ሙሉና አንዴ ተጫኑ። ቲኬቱ የተቆረጠ ካልመሰላችሁ ደግማችሁ ከመጫን በፊት አፑንና ኢሜይላችሁን እዩ። ገጹ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ክፍያው ያለፈበት ጊዜ አለ፤ ከደገማችሁ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

አንድ ጉዳይ ከመነሻው እስከ መጨረሻው

አንዲት ወዳጄ ለራሷና ለሁለት ልጆቿ የአዲስ አበባ ቲኬት ልትቆርጥ ተነሣች። ዋጋው 4,350 ዶላር ነበር። ሒሳቧ ላይ 6,200 ነበራት። ከጥቂት ወራት በፊት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ቤት ቀይራለች።

መጀመሪያ ስትጫን ባንኩ አቆመውና ቴክስት ላከ። ስልኳ ሌላ ክፍል ውስጥ ስለነበር አላየችውም። ደጋገመችው። ካርዱ ተዘጋ። ቴክስቱን አግኝታ «YES» ብላ ካርዱ ሲከፈትላት እንደገና ሞከረች። አሁንም እምቢ አለ። የማጭበርበሩ ጉዳይ አልቋል፤ ስለዚህ አሁን ያቆመው ሌላ ነገር መሆን አለበት። ባንኩ ጋ ደወለች። የግዢ ገደቧ በቀን 3,000 ነበር። ለዚያ ቀን ብቻ 5,000 አደረጉላት።

ገደቡ ከፍ ካለ በኋላ ስትሞክር ገጹ አሁንም «Declined» አለ። አፑ ላይ ግን 4,350 ዶላር «Pending» ሆኖ ተቀምጧል። ባንኩ ፈቅዷል፤ የአየር መንገዱ ገጽ ነው የከለከለው። ምክንያቱም የአሌክሳንድሪያውን ዚፕ ኮድ 22304 ብላ ጽፋ ነበር። ባንኩ መዝገብ ላይ ያለው ግን አሁንም 20910 ነው።

እዚህ ላይ አንዴ ብትደግመው ኖሮ የሚገጥማትን አስቡ። 6,200 ላይ 4,350 ተይዟል፤ በእጇ የቀረው 1,850 ነው። ያን ጊዜ ካርዱ የሚከለከለው በእርግጥም ገንዘብ አንሶ ይሆናል። አድራሻውን ብታስተካክል እንኳ አይሠራላትም፤ እሷም አድራሻው አይደለም ችግሩ ብላ ሌላ ቦታ መፈለግ ትጀምራለች።

አልደገመችውም። የፈቃድ ቁጥሩን ከባንኩ ወስዳ አየር መንገዱ ጋ ደወለች። የተያዘው ገንዘብ ሲለቀቅ የመጀመሪያው ቀን አልፎ ስለነበር የገደቡ ጭማሪ ጊዜው አብቅቷል። እንደገና አስነሣችው። መግለጫው ላይ ያለውን የሲልቨር ስፕሪንጉን አድራሻ ገልብጣ አንዴ ተጫነች፤ ቲኬቱ ተቆረጠ። አድራሻዋን ባንኩ ጋ ያስቀየረችው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- ካርድ መቀያየር። አንዱ እምቢ ሲል የባልን፣ የእህትን፣ የጓደኛን ካርድ በተራ እዚያው ገጽ ላይ መሞከር። ለሻጩ ሥርዓት ከአንድ ኮምፒዩተር ብዙ ሰው ካርድ የሚሞክር ሌባ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ትክክለኛውም ካርድ ላያልፍ ይችላል።
- የካርድ ፎቶ መላክ። ቲኬት ለሚቆርጥላችሁ ሰው የካርዱን ፊትና ጀርባ በዋትስአፕ ወይም በቫይበር መላክ በእኛ ሰው ዘንድ ተለምዷል። ፎቶው ላይ ለመግዛት የሚያስፈልገው ሁሉ አለ፤ ከስልኩም አይጠፋም። በስልክ ንገሩት ወይም የመክፈያ ገጽ እንዲልክላችሁ ጠይቁ።
- «ለባንኩ ጉዞዬን ተናግሬያለሁ» ብሎ መተማመን። ያ የሚረዳው፣ የሚረዳም ከሆነ፣ ስትጓዙ ካርዱ እንዳይዘጋ ነው። ገደባችሁን ከፍ አያደርግም፣ አድራሻችሁንም አያስተካክልም።
- ካርዱ ጠፋ ብሎ ማዘጋት። ተናዶ አዲስ ካርድ ማዘዝ ችግሩን አይፈታም፤ ገደቡና አድራሻው ከሒሳባችሁ ጋር ይቆያሉ። አዲሱ እስኪመጣም ያለ ካርድ ትቀራላችሁ። አዲስ ቁጥር ከተሰጣችሁ ደግሞ በየወሩ ከካርዱ ላይ የሚቆረጡትን፣ የስልኩንና የኢንሹራንሱን፣ አንድ በአንድ ማስቀየር ይኖርባችኋል።